ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመም፤ ሕመሙን ሳይሆን ልኩን ስለ መከተል

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም ወገቡን ለብዙ ወራት የሚያመው ሰው፥ በምርመራም የሚያሰጋ ነገር ያልተገኘበት ሰው፥ የዕለት ሥራውን በምን ልክ መሥራት ይገባዋል? የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ቀላል አይደለም። በሽተኛው እንደ ልማዱ «ሲያመኝ እተኛለሁ፤ ሲሻለኝ እሠራለሁ» ይላል። ቤተሰቡም፥ ጎረቤቱም፥ አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙም ይህንኑ ይመክረዋል። ምክሩ ለጥቂት ቀን ሕመም ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ለቈየ ሕመም ግን ሰውየውን ከዓመት ወደ ዓመት እያደከመ የሚሄድ ምክር መሆኑን፥ በእሱ ፋንታ ምን እንደሚደረግም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

አስቀድሞ ስሙን እንለይ። ወገብ የምንለው ከመጨረሻዎቹ የጐድን አጥንቶች በታችና ከመቀመጫ በላይ ያለውን የጀርባ ክፍል ነው። ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ ከቈየ ሥር የሰደደ ይባላል። «ተለይቶ የታወቀ ምክንያት የሌለው» የሚለው ቅጽል ደግሞ ብዙ ሰዎችን ያሳስታል። ሕመሙ ምክንያት የለውም፥ ወይም ሰውየው አመመኝ ብሎ ይዋሻል ማለት አይደለም። ከጡንቻው፥ ከጅማቱ፥ ከመገጣጠሚያው ወይም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ዲስክ የትኛው ሕመሙን እንዳመጣ በእርግጥ የሚለይ ምርመራ የለም ማለት ነው። ወደ ተራ ሕክምና ቤት በወገብ ሕመም ከሚመጡ ዐሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል ከዚህ ክፍል ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንዱን ከዘጠኙ መለየት ነው። መርማሪው የሚጠይቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። በሽተኛው ቀድሞ ካንሰር ነበረበትን? ሳያስበው ከስቷልን? ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ አለበትን? ወድቆ ነበርን? አጥንት የሚያሳሳ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ወስዷልን? በአገራችን በተለይ የአከርካሪ ቲቢ መዘንጋት የለበትም። ቲቢው ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ ሌሊትም የማይተው፥ አንዳንድ ጊዜ ጀርባን የሚያጐብጥ ሕመም ያመጣል። ከብት የሚያረቡና ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ሰዎችም ብሩሴሎሲስ በሚባለው በሽታ ወገባቸውን ሊያማቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ አጣዳፊው ምልክት በመቀመጫና በብልት ዙሪያ መደንዘዝ፥ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳያውቁ ማምለጥ፥ የሁለቱም እግሮች መድከም ነው። ይህ የታየበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

በከተማችን ወገቡን ያመመው ሰው ብዙውን ጊዜ «ኩላሊቴ ነው» ይላል። የኩላሊት ሕመም ግን እንደ ወትሮው በአንድ ጐን ከጐድን አጥንት ሥር የሚሰማ፥ ከትኩሳት ወይም ከሽንት ለውጥ ጋራ የሚመጣ፥ ሰውየው ቢጐነበስም ቢቃናም እምብዛም የማይለወጥ ነው። ተራ የሽንት ምርመራ ጥርጣሬውን ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል። ቀጥሎ መርማሪው የእግር ጣትና የተረከዝ አረማመድን፥ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ነርቭ ምላሽን፥ የቆዳን ስሜት ያያል፤ በሽተኛውንም አስተኝቶ እግሩን ሳያጥፍ ወደ ላይ ያነሣል። በእነዚህ ሁሉ የሚያሰጋ ነገር ካልተገኘ ፎቶግራፍ ማንሣት አያስፈልግም።

«ፎቶግራፍ ካልተነሣ እንዴት ይታወቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ አሳብ የመጣበት መንገድ አለው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ከስፍራው የወጣ ዲስክ የነርቭን ሥር ተጭኖ የእግር ሕመም እንደሚያመጣ አሳዩ። ግኝቱ እውነተኛ ነበር፤ በቀዶ ሕክምናም ብዙ ሰዎችን ጠቅሟል። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ የወገብ ሕመም ሁሉ የዲስክ ነገር ነው የሚል እምነት ተስፋፋ። ኤምአርአይ የሚባለው መሣሪያ ሲመጣ እምነቱን መፈተን ተቻለ። በ1994 ጄንሰንና ባልደረቦቿ ወገባቸውን የማያማቸውን 98 ሰዎች በዚህ መሣሪያ አነሷቸው። ከመቶው 52ቱ ቢያንስ በአንድ ስፍራ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። በ2015 ደግሞ ብሪንጂክጂና ባልደረቦቹ የ3,110 ጤነኛ ሰዎችን ውጤት ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፥ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ሰዎች ዘንድ ከመቶ 37፥ በ80 ዓመት ሰዎች ዘንድ ከመቶ 96 ሆኖ አገኙት። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሕመም አልነበረበትም። እንግዲህ ያበጠ ወይም ያረጀ ዲስክ በብዙዎች ዘንድ እንደ ሽበት ያለ የዕድሜ ምልክት ነው፤ ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ መገኘቱ ብቻውን የሕመሙን ምንጭ አያረጋግጥም።

ፎቶግራፉ ካላስረዳን ምን ያስረዳናል? በ1977 ጆርጅ ኤንግል የተባለ የአሜሪካ ሐኪም፥ ሕክምና በሥጋ ብቻ መወሰኑን ትቶ የበሽተኛውን አካል፥ ልቡናና ኑሮ በአንድነት እንዲመለከት የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። በ1987 ጎርደን ዋዴል የተባለ የግላስጎው የአጥንት ሐኪም ይህንኑ አስተያየት ወደ ወገብ ሕመም አመጣው። ዋዴል ራሱ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፥ የበሽተኞቹ ከሥራ መቅረት ከተገኘባቸው የአካል ጉዳት ጋራ በጥቂቱ ብቻ እንደሚመዛዘን፥ ከፍርሃታቸው፥ ከጭንቀታቸውና ከኑሯቸው ጋራም እንደሚያያዝ አስረዳ።

ይህን «ሕመሙ የአሳብ ነው» ብሎ መተርጐም ትልቅ ስሕተት ነው። ነርቮች ከወገብ ወደ አንጐል የሚያደርሱት የአደጋ ወሬ ነው፤ ወሬው ምን ያህል ሕመም እንደሚሆን የሚወሰነው በሕብለ ሠረሠርና በአንጐል ውስጥ ነው። ሌባ አንድ ጊዜ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ በኋላ ዘመድ ሲመጣም ይጮሃል። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ሌባ ግን የለም። ሥር የሰደደ ሕመምም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። የአደጋ ማስታወቂያው ነቅቶ ይቀራል፤ ቀድሞ የማያሳምመው መጐንበስም ያሳምማል። ውሻውን ነቅቶ እንዲቀር የሚያደርጉት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ እንቅልፍ ማጣት፥ ኀዘን፥ የሥራ ጭንቀት፥ «ብጐነበስ እሰበራለሁ» የሚል ፍርሃትም ናቸው። በቋንቋችን «ወገቤን ቈረጠኝ» እንላለን። አነጋገሩ ሕመሙን በደንብ ይገልጸዋል፤ ነገር ግን ወገቡ በእርግጥ እንደ ተቈረጠ የሚያምን ሰው ሊያንቀሳቅሰው አይደፍርም። በተለይ ከሐኪም አፍ «ዲስክህ ወጥቷል፥ ወገብህን ጠብቅ» የሚል ቃል ከሰማ ፍርሃቱ የሊቅ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

አሁን ነገሩን በአንድ ሰው ላይ እንየው። ሰውየው ለማስረዳት ያዘጋጀነው ምሳሌ እንጂ አንድ የታወቀ በሽተኛ አይደለም። የ44 ዓመት ልብስ ሰፊ ነው፤ አቶ እገሌ እንበለው። ከ14 ወር በፊት የጨርቅ ጣቃ ሲያነሣ ወገቡን ያዘው። አምስት ቀን ተኛ፤ መርፌ ተወጋ፤ ወጌሻ አሸው፤ ጥቂት ተሻለው፤ ዳሩ ግን ሕመሙ አልተወውም። በኋላ ኤምአርአይ ተነሥቶ በታችኛው ወገቡ ያበጠ ዲስክ እንዳለ ተጻፈለት። ከዚያ ወዲህ ጣቃ የሚያነሣለት ልጁ ነው፤ ውኃ የምትቀዳው ሚስቱ ናት፤ ወደ እድር ስብሰባ መሄድም ትቷል። ሕመሙን ከዐሥር ስንት ይሰጡታል ቢሉት «ስድስት» ይላል። ሮላንድና ሞሪስ በ1983 ያወጡት 24 ጥያቄዎች ያሉት የወገብ መጠይቅ ሲቀርብለት 15ቱን «አዎን» ብሎ መለሰ። መጠይቁ የሚጠይቀው ስለ ሕመሙ ኀይል ሳይሆን ሰውየው ስለሚሳነው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ካልሲ ማጥለቅን፥ ደረጃ መውጣትን፥ የቤት ሥራ መሥራትን የመሰለ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ የሳምንቱን አዋዋል ቀን በቀን ሲጠይቀው አንድ ነገር ገለጠለት። አቶ እገሌ ሕመሙ ሲበረታ ሥራ ትቶ ይተኛል። በበዓል ዋዜማ ግን ደንበኞች ያጣድፉታል፤ ሕመሙም ትንሽ ሲቀልለት «ዛሬ ደኅና ነኝ» ብሎ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ ይሰፋል። በማግሥቱ ወገቡ ይይዘዋል፤ ሁለት ቀን ይተኛል። ከመኝታው ሲነሣ ጡንቻው ደክሟል፤ ፍርሃቱም ጨምሯል፤ ቀጥሎ የሚችለው ሥራ ከቀድሞው ያንሳል። እንግዲህ አቶ እገሌ ሰነፍ አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ እየሠራና ከአቅሙ በታች እያረፈ በሁለቱ መካከል የሚንገላታ ሰው ነው። የሥራውን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያዝዘው ሕመሙ ነው። ዕረፍትም ሁልጊዜ ከሕመም በኋላ ስለሚመጣ፥ ሕመሙ የዕረፍት ደወል ሆኗል።

ይህን ትስስር አብራርተው ካስተማሩት አንዱ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ዊልበርት ፎርዳይስ ነው። በ1976 ባወጣው መጽሐፉ የመከረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ዕረፍት የሕመም ተከታይ መሆኑ ቀርቶ የተፈጸመ ሥራ ተከታይ ይሁን፤ መድኃኒትም ቢሆን ሕመሙ ሲጠራው ሳይሆን በተወሰነ ሰዓት ይወሰድ። በዚህ መሠረት የአቶ እገሌ ሕክምና በሦስት ደረጃ ተሠራ።

የመጀመሪያው ደረጃ መነሻ ልክን ማግኘት ነው። አቶ እገሌ ሦስት ነገር መረጠ፤ መራመድን፥ በስፌት መኪናው መቀመጥን፥ ጣቃ ማንሣትን። ምርጫው የእሱ መሆን አለበት፤ ለእንጀራው የማይጠቅመውን እንቅስቃሴ ማንም ለወራት አይቀጥልምና። ሦስት ቀን ሙሉ፥ ሕመሙ ወይም ድካሙ «ይብቃህ» እስከሚለው ድረስ እየተራመደና እየተቀመጠ ደቂቃውን ጻፈ። መራመዱ 12፥ 8 እና 10 ደቂቃ ሆነ፤ አማካዩ 10 ነው። መቀመጡ 35፥ 25 እና 30 ደቂቃ ሆነ፤ አማካዩ 30 ነው። መነሻው ግን አማካዩ አይደለም፤ ከአማካዩ ከመቶ 80 እጁ ነው። ስለዚህ መራመድን በ8 ደቂቃ፥ መቀመጥን በ24 ደቂቃ ጀመረ። ከመቶ 20ው የሚቀነስበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰውየው በመጥፎ ቀኑም ቢሆን ሊፈጽመው የሚችል ልክ እንዲሆን ነው። ጣቃ ለማንሣት ደግሞ የ3 ኪሎ ጥቅል ከበርጩማ ከፍታ ስምንት ጊዜ እንዲያነሣ ተወሰነ።

ሁለተኛው ደረጃ ጭማሪውን አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። መራመዱ በየሁለት ቀኑ አንድ ደቂቃ፥ መቀመጡ በየሳምንቱ ሦስት ደቂቃ፥ ክብደቱ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ እንዲጨምር ተጻፈ። የመቀመጫው ልክ ሲሞላ፥ ቢያመውም ባያመውም፥ ተነሥቶ ለሦስት ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። ለዚህ የስልኩ ደወል ይበቃል። እዚህ ላይ አቶ እገሌ እንደሚጠበቀው «ደኅና በሆንኩበት ቀን ለምን አልጨምርም?» ብሎ ጠየቀ። ፊዚዮቴራፒስቱም «በደኅና ቀንዎ ከጨመሩ በመጥፎ ቀንዎ ይቀንሳሉ፤ ያን ጊዜ አዛዡ እንደ ገና ሕመሙ ይሆናል» ሲል መለሰለት። ከድርሻው ማሳነስ ብቻ ሳይሆን ማስበለጥም የተከለከለ ነው፤ ብዙ በሽተኞች የሚሰናከሉትም በዚህኛው ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ፍርሃቱን በሥራ መፈተን ነው። አቶ እገሌ ከሁሉ የሚፈራው መጐንበስን ነበር። «ብጐነበስ ምን ይሆናል ብለው ያስባሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ዲስኩ ጨርሶ ይወጣል፤ እግሬም ሽባ ይሆናል» አለ። ይህ መልስ ውድ ነው፤ ካልተጠየቀ አይነገርምና። ፊዚዮቴራፒስቱ ያበጠ ዲስክ በጤነኞች ዘንድም መኖሩን ነገረው። ነገር ግን ነገሩ በቃል ብቻ አልቀረም። ትንፋሹን ሳይዝ፥ ወገቡን ሳያደርቅ በመጀመሪያ እጁን እስከ ጉልበቱ፥ ቀጥሎ እስከ ቅልጥሙ፥ በኋላም መሬት ላይ ያለ መቀስ እስኪያነሣ ድረስ እንዲጐነበስ አደረገው። ከእያንዳንዱ በኋላ «የጠበቁት ነገር ደረሰን?» ብሎ ጠየቀው። አመመው፤ ነገር ግን የጠበቀው አልደረሰም። ፍርሃትን የሚያስለቅቀው ይህ በጠበቁትና በሆነው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የኑሮው ወገን ደግሞ ከክሊኒኩ ውጭ ተሠራ። ሚስቱ በሁለተኛው ቀጠሮ አብራ መጥታ ዕቅዱን ሰማች፤ ከዚያ በኋላ «ተው ይቅርብህ፥ ያምሃል» ማለቷን ትታ «የዛሬውን ጨረስክን?» ማለት ጀመረች። የሚቀመጥበት ዱካ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ከፍ ያለ ወንበር ተገኘ። የበዓል ሥራም በአንድ ሳምንት መታጨቁ ቀርቶ በሦስት ሳምንት ተከፋፍሎ እንዲረከብ ከደንበኞቹ ጋራ ተነጋገረ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ከባድ ነበር፤ ገቢ የሚነካ ነገር ነውና።

በ22ኛው ቀን ማታ ችግር ደረሰ። አቶ እገሌ ለቅሶ ቤት ከጧት እስከ ማታ ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ሌሊቱን ሕመሙ ወደ ስምንት ወጣ። በማግሥቱ ስልክ ሲደውል የተጠየቀው አስቀድሞ የአደጋ ምልክቶቹን ነው፤ መደንዘዝ፥ የሽንት ለውጥ፥ የእግር መድከም፥ ትኩሳት አልነበረውም። ከዚያ አስቀድሞ የተስማሙበትን ፈጸመ፤ ይኸውም ድርሻውን አልጨመረም፥ አልተወውምም። የዚያን ቀን የመራመድ ልኩ 19 ደቂቃ ነበር፤ እሱን በጧትና በማታ ከፍሎ ለሦስት ቀን እዚያው ቈየ። በአራተኛው ቀን ካቋረጠበት ቀጠለ። ዕቅዱ በሦስት ቀን ብቻ ስለ ዘገየ፥ ስድስተኛው ሳምንት ሲያበቃ 27 ደቂቃ ይራመድ ነበር። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ሌሊት የሳምንት መኝታ ያስከትል ነበር። የሕመም መነሣት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያልተነገረው በሽተኛ «ሕክምናው ጐዳኝ» ብሎ የሚያቋርጠውም በዚህ ጊዜ ነው።

በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት አቶ እገሌ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ይራመዳል፤ በስፌት መኪናው 57 ደቂቃ ተቀምጦ ይነሣል፤ 14 ኪሎ ጥቅል ስምንት ጊዜ ያነሣል። በመጠይቁ «አዎን» ያለው ከ15 ወደ 7 ወረደ። ሕመሙ ግን ከስድስት ወደ አራት ብቻ ነው የወረደው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ሥራው ከሕመሙ ቀድሞ ተመለሰ፤ ሕመሙም በኋላ ቀስ ብሎ ተከተለ። ሕመሙ እስኪጠፋ ሥራ ላለመጀመር የሚጠብቅ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ምሳሌ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ1992 ሊንድስትረምና ባልደረቦቿ በስዊድን አገር በየተቦርግ ከተማ የቮልቮ ፋብሪካ 103 ሠራተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ሁሉም በወገብ ሕመም ለአያሌ ሳምንታት ከሥራ የቀሩ ነበሩ። አቅማቸው ተለክቶ፥ የሥራ ስፍራቸው ታይቶ፥ ድርሻቸው በየጊዜው የተጨመረላቸው ከሌሎቹ ፈጥነው ወደ ሥራ ተመለሱ። በ2023 ደግሞ በአውስትራሊያ 492 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ፍርሃትን፥ አንቀሳቀስንና የኑሮ ልማድን አንድ ላይ የሚያክም ሥልጠና እስከ ሰባት ጊዜ፥ ከወራት በኋላም አንድ ጊዜ የተሰጣቸው ሰዎች ያገኙት መሻሻል እስከ ዓመት ድረስ ጸንቶ ተገኘ።

ዳሩ ግን ጥቅሙን ማጋነን አይገባም። በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 249 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያመዛዝን፥ የአካል እንቅስቃሴ ያለ ሕክምና ከመቅረት ጋራ ሲነጻጸር ሕመምን የቀነሰው ከመቶ በ15 ነጥብ ያህል ነው። ደረጃ በደረጃ የሚጨምረው ዘዴም ከሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ሁሉ በእጅጉ ይበልጣል ለማለት ማስረጃ የለም። ብልጫው በሕመሙ መጠን ሳይሆን፥ በሽተኛው በመጥፎ ቀኑ እንዳይተው፥ በደኅና ቀኑም እንዳይሮጥ ማድረጉ ላይ ነው።

ስለ ሌሎቹ ሕክምናዎች ጥቂት እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ ትምህርትን፥ በዕቅድ የሚሰጥ እንቅስቃሴን፥ የሥነ ልቡና ሕክምናን፥ ማሸትን የመሳሰሉ አንዳንድ የእጅ ሕክምናዎችን፥ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶችንም ሊሰጡ ከሚገባቸው መካከል ቈጥሯል። የወገብ ቀበቶን፥ ወገብ መጐተትን፥ እንደ ትራማዶል ያሉ ከኦፒየም ወገን የሆኑ መድኃኒቶችን ግን በተለምዶ እንዳይሰጡ ይመክራል። ኢቡፕሮፌንም ቢሆን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጐዳ ስለሚችል ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚወሰደው። እናቶቻችን የሚታጠቁት መቀነት ያጽናናቸው ከሆነ ማንም አይከለክላቸውም፤ ሕመሙን ያሳጥራል ብሎ ማዘዝ ግን አይገባም። ወጌሻውም በደንብ ቢያሽ ለጥቂት ጊዜ ያቀልል ይሆናል፤ «አጥንትህ ወልቋል፥ መለስኩት» ካለ ግን ያቀለለውን ሕመም በፍርሃት መልሶ ከፍሎታል።

የዘዴው ወሰንም መታወቅ አለበት። አቶ እገሌ የራሱ መኪናና የራሱ ሰዓት ያለው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ «24 ደቂቃ ሠርተህ ተነሥ» ቢባል ከሥራው ይባረራል። ለእሱ ከአሠሪው ጋራ መነጋገርና ሸክሙን ማቃለል ካልተቻለ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት፥ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰውም አስቀድሞ ወይም ጐን ለጐን ለዚያ መታከም አለበት። ሦስቱን ወገን አንድ ላይ መመልከት ማለትም ይኸው ነው፤ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የትኛው ወገን እንደሚያግደው መርምሮ ከዚያ መጀመር ነው።

በመጨረሻ፥ ዕቅዱ መሥራቱ በምን ይታወቃል? በሽተኛው የጻፈው ወረቀት ይታያል። ድርሻዎቹ በደኅናውም በመጥፎውም ቀን እኩል ተፈጽመው ከሆነ፥ ሕመሙ ገና ባይቀንስም ዕቅዱ ይዟል። ቍጥሩ አንድ ቀን ከፍ፥ አንድ ቀን ዝቅ የሚል ከሆነ ሕመሙ እንደ ገና አዛዥ ሆኗልና፥ ወደ አነሰ መነሻ ተመልሶ መጀመር ያስፈልጋል። ስድስት ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ መነሻው፥ ፍርሃቱና የኑሮው ሁኔታ ዳግመኛ ይመረመራሉ። ሰውየው እየከሳ ከሄደ፥ ትኩሳት ካገኘው፥ ሕመሙም በመኝታ ላይ እያየለ ከመጣ ግን ወረቀቱ ይታጠፍና ምርመራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ አስቀድሞ ከዘጠኙ መካከል የቈጠርነው ሰው ምናልባት ዐሥረኛው ሊሆን ይችላልና።